የማኅበር መጋረጃ፦ መቼ ይገለጣል?

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በንግድ መዝገብ ከገባ በኋላ ከአባላቱ የተለየ የሕግ ሰውነት ያገኛል። በስሙ ንብረት ያፈራል፣ ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ዕዳውም የራሱ ነው፤ አባሉ የሚያጣው በመዋጮ ያስገባውን ብቻ ነው። የ2013ቱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል።

አብዛኛውን ድርሻ መያዝ ይህን ልዩነት አያፈርሰውም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1897 በተወሰነው የሰሎሞን ጉዳይ፣ ጫማ ሠሪው ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001 የሚሆኑትን ይዞ ነበር። ማኅበሩ ሲከስር ግን ዕዳው በእሱ ላይ አልዞረም።

በፈተና የሚቀርብ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ወንድማማቾች በሮቤ ስንዴ የሚነግድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ታላቁ 90 በመቶ ድርሻ ይዞ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ማኅበሩ ከአንድ የጎባ ነጋዴ የ900,000 ብር ነዳጅ በዱቤ ወሰደ። ዕዳው ሲደርስ በማኅበሩ ሒሳብ የተገኘው 200,000 ብር ብቻ ነበር። ነጋዴው የታላቅየውን ቤት ማስከበር ይችላል?

መነሻው መልስ አይችልም የሚል ነው፤ ባለዕዳው ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ የከሰረው ዝናብ አዝመራውን ስላበላሸበት ከሆነ መልሱ አይለወጥም፤ በንግድ መክሰር ጥፋት አይደለም።

ታላቅየው የስንዴውን ሽያጭ በግል ሒሳቡ እያስገባ ከዚያው ቤቱን ሠርቶ ቢሆንስ? የማኅበሩና የራሱ ገንዘብ እንዳይለይ ካደረገ መጋረጃው የሚገለጥበት ምክንያት ይፈጠራል፤ የባንክ መግለጫና የሒሳብ መዝገብ ዋና ማስረጃዎች ናቸው። ዕዳው ከደረሰ በኋላ የማኅበሩን የጭነት መኪና ከነጋዴው ለማሸሽ በሚስቱ ስም ወዳቋቋመው ሌላ ማኅበር ቢያዛውርም፣ የሕግ ሰውነቱን ለማጭበርበሪያ ተጠቅሞበታል። ይህን የማስረዳት ሸክም የነጋዴው ነው።

ፈታኞች የሚያጠምዱት ወጥመድ ዋስትና ነው። ታላቅየው ለነዳጁ ዕዳ በግሉ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ከሆነ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው ግን በዋስትናው ውል ነው፤ መጋረጃው እንደተሸፈነ ይቆያል። ይህን «መጋረጃው ተገለጠ» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ድምዳሜውን ቢያገኝም ምክንያቱን ስቷል።

መጋረጃው ሲገለጥም ማኅበሩ አይፈርስም። ኃላፊነቱ የሚዞረው ጥፋቱን በፈጸመው ላይ ነው። በድርጊቱ ያልተሳተፈው ታናሽ ወንድም ከመዋጮው በላይ አይጠየቅም።