ካርታው እጅ ላይ፣ ማህደሩ ቢሮ ውስጥ

ደላላው ችኩል ነው። «ሌላ ገዢ ከጠዋት ጀምሮ እየደወለ ነው፤ ዛሬ ቀብድ ካልያዙ ቤቱ ያመልጥዎታል» ይላል። የሚሸጠው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ በ175 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ ያረፈ ቪላ ነው። ዋጋው ከአካባቢው ትንሽ ዝቅ ብሎ 9 ሚሊዮን ብር ተጠርቷል። ባለቤቱ አሜሪካ ይኖራሉ ተብሏል፤ የሚሸጥላቸው ውክልና የያዘ የወንድም ልጅ ነው። ካርታው ፎቶ አለው፣ ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው። የግብር ደረሰኝም ተያይዞበታል። ገዢው ነጋዴ ለጊዜው የሚጠየቀው ግማሽ ሚሊዮን ብር ቀብድ ብቻ ነው።

ቤቱም ሰዎቹም ነገሩን ለማስረዳት የተሳሉ ናቸው። ሆኖም በሐሰተኛ ሰነድ የሚሸጡ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት እንዲህ ነው፦ ሩቅ ያለ ባለቤት፣ ቅርብ ያለ ወኪል፣ የሚያጓጓ ዋጋ፣ የሚያጣድፍ ደላላ።

በኢትዮጵያ ሕግ መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሰው ለሰው የሚያስተላልፈው ቤቱን ከነይዞታ መብቱ ነው፤ ያ መብት ደግሞ የሚኖረው በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ነው። ሻጩ እጅ ላይ ያለው ካርታ መዝገቡ የሚለውን የሚናገር ወረቀት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 ካርታ የያዘ ሰው እንደ ባለቤት ይቆጠራል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ግን ካርታው ከሥርዓት ውጪ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ ከሆነ ያ ግምት እንደሚፈርስ ይደነግጋል። ስለዚህ ወረቀቱን በብርሃን እያዩ ማህተሙን መመርመር ብዙም አያድንም።

ማጭበርበሩ ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው ወረቀቱ ራሱ ከማተሚያ ቤት የወጣ ሐሰተኛ ሲሆን ነው። ይህ በቀላሉ ይጋለጣል፤ ካርታው ላይ ያለው የማህደር ቁጥር ቢሮው ውስጥ ሲፈለግ ወይ የለም፣ ወይ የሌላ ሰው ቤት ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ ሰውየው ሐሰተኛ ሲሆን ነው። ተከራይ፣ ዘመድ ወይም ቤት ጠባቂ የባለቤቱን ካርታ ያገኝና በተጭበረበረ መታወቂያ ወይም ውክልና ይሸጠዋል። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። ካርታው ከቢሮው የወጣ፣ ማህደርም ያለው ነው፤ ነገር ግን የተሠራው በተሳሳተ ወይም በተገዛ መረጃ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ካርታ በኋላ ሲደረስበት ይመክናል፤ ገዢው ምንም ባያጠፋም ይዞታውን ሊያጣ ይችላል። መዝገብ ከውስጥ ሊበላሽ እንደሚችል አዲስ አበባ ሐምሌ 2014 ላይ አይታለች። የ25,491 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ የኮምፒውተር መረጃው እንደተነካካ በመታወቁ ዕጣው ተሰርዟል።

ነጋዴው ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ፦ «ሰኞ ጠዋት አብረን ክፍለ ከተማ እንሂድ።» ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የማጣራቱ ሥራ ግን እዚያ ላይ ነው። ማረጋገጫውን የሚጠይቀው ሻጩ ነው፤ ገዢው አብሮት ይሄዳል። የሚጠየቀውም ካርታው ከማህደሩ ጋር መመሳሰሉና ይዞታው ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑ ነው። ዕዳ ሲባል ባንክ በመያዣ ያስመዘገበው ብድር ነው፤ ዕገዳ ሲባል ደግሞ ቤቱ እንዳይሸጥ ፍርድ ቤት ወይም ሌላ ሥልጣን ያለው አካል የጻፈው ትእዛዝ። ደላላው «ደብዳቤውን እኔ አወጣዋለሁ» ካለ ገዢው እሺ ማለት የለበትም፤ ካርታ ያስመሰለ ሰው የማረጋገጫ ደብዳቤም ማስመሰል አያቅተውም። ደብዳቤው በቢሮው መንገድ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ መድረስ አለበት፤ በእጅ ከመጣ ደግሞ ቁጥሩና ቀኑ ከላኪው ቢሮ መዝገብ ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

ካርታው ላይ የሰፈሩት የማዕዘን ነጥቦችም ይናገራሉ። ኤክስና ዋይ ተብለው የሚጻፉት ቁጥሮች ቦታው መሬት ላይ የት እንደሚያርፍ ያሳያሉ፤ በመካከለኛው አዲስ አበባ አንዱ በ47፣ ሌላው በ99 የሚጀምሩ ባለ ስድስት አሃዝ ናቸው። ገዢዎች ግን በስልካቸው ጂፒኤስ ሊያጣሩ ሞክረው ይደናገራሉ። የድሮ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ ስልክ የሚጠቀመው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ወደ ሁለት መቶ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ስላለ ትክክለኛው ካርታ ሌላ ሰፈር ላይ ያረፈ ሊመስል ይችላል። ይህን ሥራ ለቀያሽ መተው ይሻላል፤ ቀያሹ ነጥቦቹ የሚታየው አጥር ላይ እንጂ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ አለማረፋቸውን ያሳያል።

ሰኞ ማህደሩ ሲከፈት የባለቤቱ ስም፣ የቦታው ስፋትና ፎቶው ሁሉ ልክ ሆነ። ካርታው እውነተኛ ነው። ከወረቀቶቹ መሀል ግን ፍርድ ቤት የጻፈው የዕገዳ ትእዛዝ ተገኘ፤ ባለቤቱ ከሁለት ዓመት በፊት በመሞታቸው ልጆቻቸው በውርስ እየተከራከሩ ነው። የወንድም ልጅ የያዘው ውክልና ደግሞ የተሰጠው እሳቸው ከሞቱ ከአራት ወር በኋላ ነው። ውክልናው በሕይወት ሳሉ ተሰጥቶ ቢሆን እንኳ ወካዩ ሲሞቱ ያበቃ ነበር። ስለዚህ ውክልና ሲቀርብ ሦስት ነገር መጣራት አለበት፦ ቤት የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ የተጻፈበት መሆኑ፣ የሰጠው ቢሮ መዝገብ ላይ መኖሩና አለመሻሩ፣ እንዲሁም ሰጪው በሕይወት መኖራቸው። ለመጨረሻው ከባለቤቱ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ብዙ ይረዳል።

ማህደሩ የማይናገረውም አለ። በካርታው ላይ ስሙ ያልሰፈረ የትዳር ጓደኛ መብት ሊኖረው ይችላል፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። የጋብቻ ወይም ያለማግባት ማስረጃ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ጎረቤትን ማነጋገርም አይከፋም፤ ቤቱ ውስጥ ማን በምን መብት እንደሚኖር፣ ፀብ እንዳለ ከማህደሩ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ማጣራቱ ካለቀ በኋላ የገንዘቡ ተራ ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት። በምስክር ብቻ የሚፈረም የመንደር ውል ገዢውን ለረጅም ክርክር ያጋልጠዋል። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በሻጩ ስም በሚሠራ ሲፒኦ ቢሆን፣ የሚሰጠውም ውሉ ሲፈረም ቢሆን፣ ጥቂቱም ስም እስኪዛወር እንዲቆይ ውሉ ላይ ቢጻፍ ይሻላል። ታክስ ለመቀነስ ተብሎ ዋጋውን አሳንሶ መጻፍም በገዢው ላይ ይዞራል። በ9 ሚሊዮን የተገዛ ቤት ውሉ ላይ 3 ሚሊዮን ከተባለ፣ ሽያጩ ሲፈርስ የቀረውን 6 ሚሊዮን መክፈሉን ማስረዳት የገዢው ፈንታ ይሆናል።

ነጋዴው ከክፍለ ከተማው ሲወጣ ግማሽ ሚሊዮኑ ባንክ ውስጥ ነበር። ቤቱን አሁንም ወዶታል። ሊገዛው የሚችለው ግን የውርስ ክርክሩ አልቆ፣ ዕገዳው ተነስቶ፣ ካርታው በወራሾቹ ስም ከዞረ በኋላ ነው። የልጆቹን ጠበቃ ስልክ ተቀብሎ ሄደ፤ የደላላውን ጥሪ ግን አላነሳም።