ከገደቡ የወጣው ካሊብሬሽንና ለዶክተሩ የተጻፈው ኢሜይል

በስምጥ ሸለቆ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የመጡ ስምንት የውሃ ናሙናዎች ላብራቶሪ ውስጥ ተደርድረዋል። የሚፈለገው በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው የፍሎራይድ መጠን ነው። በመቂ፣ በዝዋይና በወንጂ አካባቢ የተወለደ ሰው ጉዳዩን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ የቡናማ ጥርስን ምክንያት ያውቀዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚገባው ይህ ንጥረ ነገር በልጅነት ብዙ ከተጠጣ ጥርስን ያበላሻል፤ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትን ያጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የመመሪያ ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

እንግዲህ አንድ ጉድጓድ ከዚህ ቁጥር በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ውሳኔ የሚያርፈው ላብራቶሪው በሚጽፈው ቁጥር ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚተረከው ጉዳይ ለማብራሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። የመሣሪያው ጠባይና ስሌቱ ግን ሥራው ላይ ያለ ሰው በየጊዜው የሚገጥሙት ናቸው።

ልኬቱ የሚሠራው በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው። ማርቲን ፍራንትና ጄምስ ሮስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1966 ለዓለም ያስተዋወቁት ይህ መሣሪያ ጫፉ ላይ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል አለው። ክሪስታሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ፍሎራይዱ ብዛት የሚለያይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ሜትሩም ያንን በሚሊቮልት ያሳያል። ፍሎራይዱ በጨመረ ቁጥር ንባቡ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፍሎራይዱ አሥር እጥፍ ሲሆን ንባቡ በንድፈ ሐሳብ 59 ሚሊቮልት ያህል መውረድ አለበት። ይህን የመውረድ መጠን የላብራቶሪ ሰዎች ስሎፕ ይሉታል። ጤነኛ ኤሌክትሮድ ከ54 እስከ 60 ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆን ይጠበቃል።

ሚሊቮልቱ ብቻውን ምንም አይነግርም። ስለዚህ አስቀድሞ መጠናቸው የታወቀ መፍትሔዎች፣ ማለትም ስታንዳርዶች፣ ይነበባሉ፤ በእነሱ ንባብ መስመር ይሠመራል፤ የማይታወቀው ናሙና በዚያ መስመር ይተረጎማል። ካሊብሬሽን ማለት ይኸው ነው። እያንዳንዱ ስታንዳርድና እያንዳንዱ ናሙና ከመነበቡ በፊት ቲሳብ ከሚባል ባፈር ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል፤ 25 ሚሊሊትር ውሃ ከ25 ሚሊሊትር ባፈር ጋር ማለት ነው። ባፈሩ የውሃውን ፒኤች 5 ገደማ ላይ ያቆየዋል፤ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ የተደበቀውንም ፍሎራይድ ያላቅቃል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ብዙ ጊዜ አልካላይን ስለሆነ ያለ ባፈር የተነበበ ቁጥር አይታመንም።

በዚያ ቀን ቴክኒሺያኗ ሦስት ስታንዳርዶች አዘጋጀች፤ 0.1፣ 1 እና 10 ሚሊግራም በሊትር። ንባባቸው በተራ 129፣ 71 እና 23 ሚሊቮልት ሆነ። ሜትሩ በሦስቱ መካከል መስመር አሠመረና ስሎፑን 53 ብሎ ጻፈ። ማስጠንቀቂያ አላሰማም። ስምንቱም ናሙናዎች ተነበቡ። መጨረሻ ላይ ከሌላ ምንጭ የተገዛው፣ መጠኑ 2 ሚሊግራም መሆኑ የተረጋገጠው የመቆጣጠሪያ መፍትሔ ሲነበብ ግን ውጤቱ 2.47 ሆኖ ወጣ። በላብራቶሪው ደንብ የሚፈቀደው ልዩነት ከመቶ አሥር ነው፤ ይህ ከሃያ በላይ ነው።

ቴክኒሺያኗ ለተቆጣጣሪዋ የጻፈችው ኢሜይል እንዲህ ይላል፦

ርዕስ፦ የዛሬው የፍሎራይድ ካሊብሬሽን ከገደብ ወጥቷል፤ የ8 ናሙናዎች ውጤት ይዤዋለሁ፤ ልኬቱን ለመድገም ፈቃድ እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤

የዛሬው ስሎፕ 53 ነው፤ ገደባችን ከ54 እስከ 60 ነው። የ2 ሚሊግራም መቆጣጠሪያው 2.47 ሰጥቷል። የስምንቱን ናሙናዎች ውጤት ለማንም አላስተላለፍኩም።

ያየሁት ይህ ነው። ከ0.1 ወደ 1 ያለው ልዩነት 58 ሚሊቮልት ነው፤ ትክክል ነው። ከ1 ወደ 10 ያለው ግን 48 ብቻ ነው። የመቆጣጠሪያው ንባብ 53.5 ሚሊቮልት ሲሆን በሁለቱ ዝቅተኛ ስታንዳርዶች መስመር ላይ በትክክል ይወድቃል። የ10ሩን ስታንዳርድ ኤሌክትሮዱን አጥቤ፣ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ አለመኖሩን አይቼ ደግሜ ባነበውም ያው 23 ሆነ።

የምጠረጥረው የ10ሩን ስታንዳርድ እንጂ ኤሌክትሮዱን አይደለም። ኩባያው ውስጥ ባፈር ሁለት ጊዜ ጨምሬ ይሆናል፤ ወይም ስታንዳርዱ ራሱ ሲዘጋጅ ቀጥኗል። የትኛው እንደሆነ ገና አላረጋገጥኩም።

ነገ ጠዋት ላደርግ ያሰብኩት፦ መጀመሪያ ከዚያው ጠርሙስ አዲስ 25 ሚሊሊትር ወስጄ በትክክል ከባፈር ጋር ቀላቅዬ አነባለሁ። ከዚያ ሦስቱንም ስታንዳርዶች እንደ አዲስ አዘጋጅቼ፣ መቆጣጠሪያውን ከናሙናዎቹ በፊትና በኋላ አንብቤ፣ ስምንቱንም እደግማለሁ። ናሙናዎቹ የተቀዱት ከ6 ቀን በፊት ነው፤ ከየጠርሙሱ ከ150 ሚሊሊትር በላይ ቀርቷል። 350 ሚሊሊትር ያህል ባፈር ያስፈልጋል፤ አለን። የዛሬው ንባብ በሙሉ በመዝገቡ ላይ እንዳለ ይቆያል።

ይፈቅዱልኛል?

ኢሜይሉ ረጅም አይደለም፤ ዶክተሩ ለመወሰን የሚያስፈልጋቸውን ግን ይዟል። ትልቁ ነገር የታየውና የተጠረጠረው ተለያይተው መጻፋቸው ነው። «ስታንዳርዱ ተበላሽቷል» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ዶክተሩ የሚያገኙት ድምዳሜ ብቻ ነበር። 129፣ 71 እና 23 የሚሉት ቁጥሮች በመዝገቡ ላይ ስላሉ ግን ራሳቸው ማስላት ይችላሉ።

ስሌቱ በእርግጥም የሚያስደንቅ ነገር ያወጣል። 53 ከ54 በአንድ ብቻ ያነሰ ነው፤ ቸኩሎ የሚያይ ሰው «ይህቺ ምን አላት» ብሎ ሊያልፋት ይችላል። ነገር ግን 53 የሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አማካይ ነው፤ የ58ና የ48። ኤሌክትሮዱ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እርከኖች ይወርዱ ነበር። እዚህ ግን አንደኛው ጤነኛ ነው፤ የተሰበረው ሁለተኛው ብቻ ነው። አማካዩ ስብራቱን ሸፍኖ በገደቡ አጠገብ ያለ መለስተኛ ጉድለት አስመስሎታል። ስሎፑን ብቻ አይቶ ክሪስታሉን ማጽዳት ወይም አዲስ ኤሌክትሮድ ማዘዝ የጀመረ ሰው የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው።

የባፈሩ ጥርጣሬም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለ25 ሚሊሊትር ስታንዳርድ 50 ሚሊሊትር ባፈር ከተጨመረ ጠቅላላው 50 መሆኑ ቀርቶ 75 ሚሊሊትር ይሆናል። ያ መፍትሔ እንደ 10 ሚሊግራም መነበቡ ይቀርና እንደ 6.7 ይነበባል። ጤነኛ ኤሌክትሮድ ከ1 ወደ 6.7 ሲሄድ የሚያሳየው ልዩነት ደግሞ 48 ሚሊቮልት ነው። ቁጥሩ በትክክል ገጠመ። ያም ሆኖ ስታንዳርዱ ከዋናው መፍትሔ ሲዘጋጅ 10 ሚሊሊትር መወሰድ ሲገባው 6.7 ያህል ብቻ ተወስዶ ቢሆን ንባቱ ያው ነበር። መግጠሙ ብቻ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው። በነገው ዕቅድ መጀመሪያ ላይ ያለችው ትንሿ ሙከራ ሁለቱን ትለያለች፤ ከጠርሙሱ የተወሰደው አዲስ ናሙና 13 ሚሊቮልት ገደማ ካነበበ ስህተቱ በኩባያው ውስጥ ነበር፤ አሁንም 23 ካነበበ ጠርሙሱ ራሱ ይጣላል፤ ከእሱ የተሠሩ የቀደሙ ልኬቶችም እንደገና ይታያሉ።

ስህተቱ ጉድጓዱ ላይ የሚያደርሰውን ለማየት አንዱን ናሙና መውሰድ ይበቃል። ንባቡ 62 ሚሊቮልት ነበር። በሜትሩ የተሳሳተ መስመር ሲተረጎም 1.71 ሚሊግራም ይሆናል፤ ከገደቡ በላይ ነው። በጤነኛው 58 ስሎፕ ሲተረጎም ግን 1.43 ነው፤ ከገደቡ በታች። በመጀመሪያው ቁጥር ጉድጓዱ ሊዘጋ፣ ሰዎችም ራቅ ወዳለ ውሃ ሊሄዱ ይችላሉ። በሁለተኛው ይቀጥላል።

ታዲያ የ10ሩን ስታንዳርድ ሰርዞ በሁለቱ ጤነኛ ነጥቦች ማስላት ለምን አልተመረጠም? ሁለት ምክንያት አለ። መስመሩ የሚታመነው በተነበቡት ስታንዳርዶች መካከል ብቻ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊግራም በላይ ናቸው፤ የሚፈለገው የ1.5 ገደብ ራሱ ከክልሉ ውጭ ይቀራል። ከዚህ ሌላ ምክንያቱ ሳይረጋገጥ ያልተመቸ ነጥብ መሰረዝ ከተለመደ ማንኛውም ካሊብሬሽን እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ቴክኒሺያኗ የዛሬው ንባብ በመዝገቡ እንደሚቆይ የጻፈችውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የላብራቶሪ ደንብ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ፊርማና ቀን ተጽፎበት፣ እንደሚነበብ ሆኖ እንዲቀመጥ ይጠይቃል።

ጊዜም ተቆጥሯል። ለፍሎራይድ የተቀዳ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ 28 ቀን ሊቆይ እንደሚችል የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ደንብ ይፈቅዳል፤ የመስታወት ጠርሙስ አይመረጥም፤ ፍሎራይድ ከመስታወት ጋር ይዋሃዳልና። ስድስተኛው ቀን ላይ መድገም ስለዚህ አያስቸግርም። ናሙናው ሃያ ሰባተኛ ቀኑን ይዞ ቢሆን ኖሮ ኢሜይሉ ሌላ ጥያቄ፣ ምናልባትም ወደ ጉድጓዶቹ ተመልሶ የመቅዳት ጥያቄ፣ በያዘ ነበር።

ዶክተሩ ፈቅደው መለሱ፤ አንድ ነገርም ጨመሩ። የ62 ሚሊቮልቱ ናሙና ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያዩ ኩባያዎች ተዘጋጅቶ ይነበብ አሉ። በዚህ ኤሌክትሮድ የአንድ ሚሊቮልት ስህተት ከመቶ አራት ያህል የመጠን ስህተት ነው። በ1.43 እና በ1.5 መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 1.2 ሚሊቮልት ብቻ ነው። የስታንዳርዶቹ ችግር ተስተካክሎ ካሊብሬሽኑ ቢያልፍ እንኳ በአንድ ንባብ ብቻ ይህን ጉድጓድ ከገደቡ በታች ነው ብሎ መጻፍ አይቻልም። ሦስቱ ንባቦች ተቀራርበው ከወጡ ሪፖርቱ አማካዩን ከነስህተት ወሰኑ ይይዛል። ከተራራቁ ደግሞ ጉድጓዱ «ከገደቡ አጠገብ» ተብሎ ይመዘገብና አዲስ ናሙና ይቀዳለታል።