የቁምፊ ልየታ ሥርዓት O እና 0ን ለምን ያምታታል?

የቁምፊ ልየታ የጽሑፍን ምስል ኮምፒውተር ሊያርመውና ሊፈልገው ወደሚችል ጽሑፍ የመቀየር ሥራ ነው። ሥርዓቱ በተለምዶ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጣል፤ መስመሮችንና ቁምፊዎችን ይነጣጥላል፤ ከዚያም የእያንዳንዱን ቁምፊ ቅርጽ ቀድሞ ከሚያውቃቸው ጋር አነጻጽሮ ይበልጥ የሚመስለውን ይመርጣል።

የላቲኑ ፊደል O እና አሃዙ 0 ሁለቱም ዝግ ቀለበቶች ናቸው። በብዙ የኅትመት ፊደላት የሚለያዩት በስፋታቸው ብቻ ስለሆነ፣ ምስሉ ሲደበዝዝ ልዩነቱ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ውሳኔው ከቅርጹ ሳይሆን ከአካባቢው ይመጣል፤ በቃል መካከል ያለው O፣ በቀን ቦታ ያለው 0 ተብሎ ይወሰዳል። ፊደልና አሃዝ በሚቀላቀሉበት የፓስፖርት ቁጥር ግን አካባቢው አይረዳም።

ስለዚህ በፓስፖርቱ ግርጌ ባለው በማሽን የሚነበብ መስመር ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ የማረጋገጫ አሃዝ ይታተማል። አሃዞች የራሳቸውን ዋጋ ይይዛሉ፤ ፊደላት ከA ጀምሮ እስከ Z ከ10 እስከ 35 ይሰጣቸዋል። ዋጋዎቹ በተራ በ7፣ በ3 እና በ1 ተባዝተው ይደመራሉ፤ የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ ማረጋገጫው ነው። L898902C3 በተባለው የናሙና ቁጥር ድምሩ 316፣ ማረጋገጫውም 6 ነው። ስድስተኛው ቁምፊ 0 በስሕተት O ተብሎ ቢነበብ 24 ይጨመርና ድምሩ 340 ይሆናል፤ የመጨረሻው አሃዝ ከ6 ጋር ስለማይገጥም ስሕተቱ ይጋለጣል።

አንድ ብቸኛ የO እና የ0 መለዋወጥ በየትኛውም ቦታ ቢከሰት በዚህ ስሌት ይያዛል። በ7 እና በ3 የሚባዙ ሁለት ዜሮዎች አብረው O ተብለው ቢነበቡ ግን ድምሩ በ240 ይጨምራል፤ የመጨረሻው አሃዝ ስለማይለወጥም ስሕተቱ ሳይታወቅ ያልፋል።