አምስት ጥናቶች፣ ሦስት ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ ዲግሪ የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለተኛ ምዕራፉ አብዛኛውን ጊዜ ክለሳ ድርሳናት ነው። ተማሪው በርዕሱ ላይ ከእሱ በፊት የተጻፈውን አንብቦ የሚመረምርበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምዕራፉ የሚሞላው በአንድ ዓይነት አንቀጽ ነው፤ እገሌ በዚህ ዓመት ይህንን አጠና፣ ይህንን ዘዴ ተጠቀመ፣ ይህንን አገኘ ይላል። የሚቀጥለው አንቀጽ በሌላ ስም ይጀምርና ያንኑ ይደግማል። ሃያ ጥናት የተነበበ እንደሆነ ሃያ አንቀጽ ይሰለፋል። ጥናቶቹ የት እንደተስማሙ፣ የት እንደተለያዩና ለምን እንደተለያዩ የማወቁ ሥራ ለአንባቢው ይተርፋል።

ጄን ዌብስተርና ሪቻርድ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ኤም አይ ኤስ ኳርተርሊ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ችግር በግልጽ ለይተውታል። ክለሳ በጸሐፊዎች ስም ሊደራጅ ይችላል፤ በሐሳብም ሊደራጅ ይችላል። በስም ሲደራጅ ዝርዝር ይሆናል፣ በሐሳብ ሲደራጅ ግን ጥናቶቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ለዚህም አንድ ቀላል መሣሪያ አቀረቡ፤ ጥናቶቹ በረድፍ፣ ሐሳቦቹ በዓምድ የሚገቡበት ሠንጠረዥ ነው።

ሠንጠረዡ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ የተጻፈበትን አንድ ርዕስ መውሰድ ይቻላል፦ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር። በአገሪቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ የመጠቀም መብት እንጂ የመሸጥ መብት የለውም። በየጊዜው በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ምክንያት ብዙ ገበሬ ማሳውን እንዳይነጠቅ ሲሰጋ ኖሯል። ትግራይ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአነስተኛ ወጪ ይዞታን መመዝገብና ደብተር መስጠት ጀመረች፤ አማራና ሌሎች ክልሎችም ተከተሉ። ተመራማሪዎች የጠየቁት ደብተሩ የገበሬውን ኑሮና እርሻ ለውጦ እንደሆነ ነው።

ተማሪዋ አምስት ጥናት አነበበች እንበል። በዝርዝር መልክ ብትጽፋቸው እንዲህ ይሆናል፦

«ዳይኒንገርና ጂን (2006) የይዞታ ዋስትናና ኢንቨስትመንት ያላቸውን ግንኙነት አጥንተዋል፤ መሬትን የማስተላለፍ መብት ኢንቨስትመንትን እንደሚያበረታታ አግኝተዋል። ሆልደን፣ ዳይኒንገርና ገብሩ (2009) በትግራይ ደብተር የእርከን ጥገናን፣ ዛፍ መትከልንና ምርታማነትን እንዳሻሻለ አሳይተዋል። ዳይኒንገር፣ ዓሊና ዓለሙ (2011) በአማራ ክልል ደብተር የይዞታ ዋስትናን፣ በመሬት ላይ የሚደረግ ኢንቨስትመንትንና ኪራይን እንደጨመረ አረጋግጠዋል። ሆልደን፣ ዳይኒንገርና ገብሩ (2011) በትግራይ በመሬት ኪራይ የሚሳተፉ ሰዎች እንደጨመሩ ጽፈዋል። በዛብህ፣ ሆልደንና ማንበርግ (2016) ደብተር በእማወራዎች ምርታማነት ላይ የተሻለ ውጤት እንዳለው አግኝተዋል።»

አንቀጹ ውስጥ ሐሰት የለም። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሮቹን አገለባብጦ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መጻፍ ቢያስፈልግ የሚጎድል ነገር አይኖርም። ዝርዝርን ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው መፈተኛ ይኸው ነው። ቅደም ተከተሉ ቢለወጥ ትርጉሙ የማይለወጥ አንቀጽ ክርክር የለውም።

አሁን ያንኑ ንባብ ወደ ሠንጠረዥ እናውርደው። አምስቱ ጥናቶች በረድፍ ይቀመጣሉ። ለዓምዶቹ «ኢንቨስትመንት»፣ «ኪራይ»፣ «ሴቶች» ብሎ መሰየም ይቀላል፤ ግን ስም ብቻውን ምንም አይጠይቅም። ዓምድ የሚጠቅመው ጥያቄ ሲሆን ነው። ደብተሩ ገበሬውን በማሳው ላይ ገንዘብና ጉልበት እንዲያወጣ አደረገው? መሬት ማከራየትን አበዛ? ጥቅሙ ለማን አደላ? ከነዚህ ሌላ ስለ ጥናቱ ራሱ የሚጠይቁ ሁለት ጠባብ ዓምዶች ያስፈልጋሉ፤ መረጃው ከየት አካባቢና መቼ ተሰበሰበ፣ ደብተሩ ከተሰጠ ስንት ጊዜ በኋላስ ተለካ?

ሠንጠረዡ የሚሞላው በረድፍ ነው፤ አንድ ጥናት ተነብቦ ሲያልቅ የሚመለከታቸው ሳጥኖች በአጭር ዓረፍተ ነገር ይሞላሉ። የሚጻፈው ግን በዓምድ ነው። ጸሐፊዋ ዓይኗን ከላይ ወደ ታች ታወርዳለች፤ እያንዳንዱ ዓምድም አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ ይወልዳል።

የመጀመሪያውን ዓምድ ወደ ታች ስታነብ ወዲያው አንድ ችግር ያጋጥማታል። የ2009ኙ የትግራይ ጥናት ደብተር የያዙ ገበሬዎች ዛፍ መትከላቸውን እንደ መልካም ውጤት ይቆጥራል። የ2006ቱ ጥናት ግን ዛፍን ከእርከን ለይቶ ሲያይ፣ በዛፍ በኩል ምክንያትና ውጤት ቦታ ሊለዋወጡ እንደሚችሉ የሚጠቁም ምልክት አግኝቷል። ገበሬ ዛፍ የሚተክለው መሬቱ እንደማይነጠቅበት ስላመነ ሊሆን ይችላል፤ መሬቱ እንዳይነጠቅበት ምልክት ለማኖርም ሊሆን ይችላል። በእርከን በኩል እንዲህ ያለ ምልክት አልታየም። ስለዚህ «ኢንቨስትመንት» ተብሎ የተጠቃለለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። ሁለቱ ጥናቶች በዝርዝሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ይህ አልታየም፤ በአንድ ዓምድ ሲገናኙ ግን ጎልቶ ወጣ።

አንቀጹ ሲጻፍም በስም መጀመሩ ይቀራል፦

«የይዞታ ዋስትና በማሳ ላይ የሚደረግ ሥራን እንደሚያበረታታ ጥናቶቹ በአብዛኛው ይስማማሉ፤ ጠንካራው ማስረጃ ግን በእርከንና በአፈር ጥበቃ በኩል ያለው ነው። በትግራይ ደብተሩ ከተሰጠ እስከ ስምንት ዓመት በኋላ ድረስ በተሰበሰበ መረጃ የእርከን ጥገና መሻሻሉ ታይቷል (ሆልደንና ሌሎች 2009)፤ በአማራ ክልልም በመሬት ላይ የሚደረግ ኢንቨስትመንት ጨምሯል (ዳይኒንገርና ሌሎች 2011)። በዛፍ በኩል ያለው ማስረጃ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በትግራይ የዛፍ ተከላ ቢጨምርም፣ ዛፍ ራሱ ይዞታን ለማጽናት ሊተከል እንደሚችል ቀደም ያለ ጥናት አመልክቷል (ዳይኒንገርና ጂን 2006)።»

እዚህ አንቀጽ ላይ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የጸሐፊዋ ነው። ጥናቶቹ በቅንፍ ገብተው ለእሷ አባባል ይመሰክራሉ። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ቀድሞ ማስቀመጥ ቢሞከር ደግሞ አንቀጹ ይፈርሳል።

የኪራይና የእማወራዎች ዓምዶችም እንዲሁ ሲነበቡ አንዱ ሌላውን ያብራራል። በሰሜን ኢትዮጵያ እርሻ በበሬ ነው፤ ማረስም በልማድ የወንድ ሥራ ነው። በሬም ወንድ ጉልበትም የሌላት እማወራ መሬቷን ለእኩል ወይም ለኪራይ ትሰጣለች። ማሳዋን ሌላ ሰው ሲያርሰው ከቆየ ግን መሬቱ የአራሹ ሆኖ እንዳይቀር ትሰጋለች። ደብተሩ ይህን ስጋት ካቃለለ፣ የ2011ዱ የትግራይ ጥናት በኪራይ ገበያ በተለይ የእማወራዎች ተሳትፎ ጨመረ ማለቱና የ2016ቱ ጥናት ደብተር ለእማወራዎች የበለጠ ጠቀመ ማለቱ በአንድ ክር ሊያያዙ ይችላሉ፤ መሬቷን ሳትሰጋ ለተሻለ አራሽ የሰጠች ሴት ከማሳዋ የተሻለ ታገኛለች። ጸሐፊዋ ይህን እንደ ተረጋገጠ እውነት መጻፍ የለባትም። «ሊያስረዳ ይችላል» ብላ ታቀርበዋለች፤ ምክንያቱም ማያያዣው የእሷ ነው፣ ማስረጃዎቹም ከተለያዩ ክልሎች የመጡ ናቸው።

በዚሁ ዓምድ አንዲት ቃል እንዳታመልጥ መጠንቀቅ ያሻል። የትግራዩ ጥናት ደብተሩ የኪራይ ተሳትፎን የጨመረው «በመጀመሪያ» ላይ ነው ይላል። ከጥናቱ አጠቃሎ ሲገለበጥ እንዲህ ያለ ገደብ በቀላሉ ይወድቃል። የወደቀ እንደሆነ ጊዜያዊ ሊሆን የሚችለው ለውጥ ዘላቂ መስሎ ይተላለፋል።

ሠንጠረዡ ከሌላ ስሕተትም ይጠብቃል፤ ድምፅ ከመቁጠር። አምስቱም ጥናቶች በጎ ነገር አግኝተዋልና «አምስት ለዜሮ» ብሎ መደምደም ያጓጓል። ሆኖም የ2009ኙና የ2011ዱ የትግራይ ጥናቶች የተጻፉት በእነዚያው ሦስት ሰዎች ሲሆን፣ መሠረታቸውም በዚያው ክልል ከዓመት ዓመት የተሰበሰበ የቤተሰብ መረጃ ነው። ስለዚህ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች ሊቆጠሩ አይገባም። ከአምስቱ መካከል ሆልደን ወይም ዳይኒንገር የሌለበት ጥናት አንድም የለም። ይህ ሥራቸውን አያሳንሰውም፤ ክለሳው ግን ከሌላ እጅና ከሌላ አካባቢ የመጣ ማስረጃ መፈለግ እንዳለበት ይነግራል። በስም የተደረደረ ክለሳ እያንዳንዱን ስም ደጋግሞ ሲጠራ ይህንኑ ይሸፍነዋል።

ጭብጥን ይዞ መጻፍ የሚከሽፍበት መንገድም አለ። አንዳንዱ ጸሐፊ «የደብተሩ ውጤት በኢንቨስትመንት ላይ» ብሎ ንዑስ ርዕስ ያወጣል፤ ከርዕሱ ሥር ግን ያው አሮጌው ዝርዝር ይቀመጣል። ርዕሱ ተለወጠ እንጂ አንቀጹ አልተለወጠም። ይህን ለማወቅ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ለቅሞ በተከታታይ ማንበብ ይበቃል። የሰው ስምና ዓመት ብቻ ከተደረደረ ሥራው አልተጀመረም። አንዱ ከሌላው የሚቀጥል ክርክር ከተነበበ ደግሞ የምዕራፉ አጽም ቆሟል። በሌላ በኩል አንድ ጥናት በሦስት ዓምድ ስለሚታይ በሦስት ቦታ መጠቀሱ ስሕተት አይደለም፤ በየቦታው የሚጠራው ግን ለዚያ ጥያቄ ያለው መልስ ብቻ ነው።

አንድን ጥናት ብቻውን ሰፋ አድርጎ መተረክ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የተማሪዋ ጥናት የ2009ኙን ዘዴ በሌላ ወረዳ ልድገመው የሚል ከሆነ፣ የዚያ ጥናት መረጃ አሰባሰብና ስሌት በሙሉ አንቀጽ ሊገለጽ ይገባል። ዝርዝሩ የሚጎዳው ለሁሉም ጥናት እኩል ቦታ ሲሰጥ ነው።

በመጨረሻ ጸሐፊዋ ወደ ባዶ ሳጥኖች ትመለከታለች። እዚህ የተጠቀሱት የደብተር ጥናቶች ሁሉ የሚናገሩት ስለ መጀመሪያው ዙር ምዝገባ ነው፤ የማሳው ካርታ ስላልነበረው፣ ወሰን በጎረቤት ምስክርነት ስለሚታወቅበት ምዝገባ። ከዚያ ወዲህ ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ደብተር በብዙ ወረዳዎች ተሰጥቷል። በሠንጠረዡ ውስጥ የመጀመሪያውን ደብተር የያዘች እማወራ ካርታ ሲጨመርላት መሬቷን በማከራየት ልማዷ ላይ የመጣ ለውጥ ካለ የሚመልስ ሳጥን የለም። የባዶው ሳጥን ዓምድ «ኪራይ»፣ ረድፉ ደግሞ ገና ያልተጻፈ ጥናት ነው። ተማሪዋ «በዚህ ርዕስ ላይ በቂ ጥናት አልተደረገም» ብላ በጥቅሉ ከመጻፍ ይልቅ ይህን ጥያቄ ትጽፋለች፤ ከዚያ አማካሪዋ ዘንድ ይዛ የምትቀርበው ጥያቄ ከየትኛው ክፍተት እንደወጣ በጣት ሊታይ ይችላል።