ሬንደር በማስመሪያ ሲፈተሽ

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ውል የሚፈርመው ገና ላልተሠራ ቤት ነው። በእጁ የሚገባው ሬንደር፣ ማለትም ሕንፃው ሲያልቅ የሚኖረውን መልክ የሚያሳይ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ነው። ቀድሞ ምስሉ የሚወጣው አርክቴክቱ ለክቶ ከሠራው የስሪዲ ሞዴል ነበር። አሁን ግን ጥቂት ቃላት የተጻፉለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያማረ ሳሎን በሰከንዶች ይሥላል። የመጀመሪያው ምስል ከጀርባው ልክ አለው፤ ሁለተኛው የለውም።

ፍተሻው ከጥላ ቢጀምር ይሻላል። ዓይን ጥላን በመገመት ደካማ ነው። ሃኒ ፋሪድ የተባሉት የዲጂታል ምስል መርማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረጉት ሥራም በዓይን ግምት ፋንታ በመስመር ላይ የተመሠረተ ነው። በረንዳ የሚያሳይ ሬንደር ይወሰድ። ከዓምዱ ጫፍ ተነስቶ በጥላው ጫፍ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ለወንበሩና ለአበባ ማስቀመጫውም እንዲሁ ይደረጋል። ብርሃኑ ከአንዲት ፀሐይ የመጣ ከሆነ ሦስቱም መስመሮች ሲረዝሙ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፣ አለዚያም ሳይነካኩ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሁለት መስመር ብቻ ምንም አያረጋግጥም፤ ምስክሩ ሦስተኛው ነው። ነጥቡ ከምስሉ ውጭ ሊውል ስለሚችል ምስሉን ሰፊ ወረቀት ላይ ለጥፎ ማስመር ይረዳል።

ጥላዎቹ ወደተለያየ አቅጣጫ ተዘርግተው መታየታቸው ግን ብቻውን ስህተት አይደለም፤ ከቅርብ ሲታይ ትክክለኛ ጥላም እንዲያ ይመስላል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ አምፖል የራሱን ጥላ ስለሚጥል ይህ ዘዴ በቀላሉ አይሠራም።

የወለሉ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። ፓርኬው ላይ አንድ ዓይነት ጉጥ በእኩል ርቀት ሲደጋገም ከታየ፣ ባለሙያው አንዲት የእንጨት ፎቶ ደጋግሞ ማንጠፉን ያሳያል። ይህ የስሪዲ ሶፍትዌር የቆየ ጉድለት እንጂ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምልክት አይደለም። አስተውሎቱ የሠራው ወለል የሚታወቀው በተቃራኒው ነው፦ ጣውላዎቹ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ስፋታቸው መሐል ላይ ይለወጣል፤ በሶፋው ሥር የገባው መስመር በወዲያኛው በኩል ከቦታው ዝንፍ ብሎ ይወጣል።

ከሁሉም በላይ የሚያጋልጠው መጋጠሚያ ነው። ምስሉን አጉልቶ የደረጃውን መደገፊያ ከታች እስከ ላይ በጣት መከተል ይበቃል። ቋሚው ብረት ደረጃው ላይ ያርፋል ወይስ አየር ላይ ይቀራል? የወንበሩ የኋላ እግር መቀመጫውን ይነካል? በየፎቁ ያለው የመስኮት ክፍፍልስ እኩል ነው? በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ምስል እንዲህ ያለውን ዝርዝር ስለሚያደበዝዝ ዋናውን ፋይል መጠየቅ ይገባል።

አንዳንድ ቢሮዎች በትክክለኛ ሞዴል ላይ ዛፍና ሰው በአስተውሎት ስለሚጨምሩ፣ የተበላሸ ጣት ወይም የተዛባ ቅጠል ሕንፃውን ሐሰተኛ አያደርገውም። ጥርጣሬው ዓምድና ደረጃ ላይ ካረፈ ግን ገዢው የዚያኑ ሳሎን ምስል ከሌላ ማዕዘን፣ ከወለል ፕላኑ ጋር ይጠይቅ። ሞዴል ያለው ቢሮ ካሜራውን አዙሮ ያወጣለታል፤ በሩና መስኮቱም በሁለቱ ምስሎችና በፕላኑ ላይ አንድ ቦታ ይገኛሉ።