ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የየትኛው ምግብ ነው?

አርብ ቀን ከባልደረቦቹ ጋር ምሳ የወጣ ሰው ሜኑ ሲከፍት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የጾም ምን አለ? ስንት ነው? ለስንት ሰው ይበቃል? አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ ብዙ መካከለኛ ምግብ ቤቶች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ሜኑው ሳይሆን አስተናጋጁ ነው። ወፍራም ሽፋን ያለው፣ በላሚኔት የተለበጠው ዝርዝር ከዳር እስከ ዳር ከተገላበጠ በኋላ፣ «እናንተ ጋ ምን ይሻላል?» ተብሎ ይዘጋል።

ከዋጋው እንጀምር። የተለመደው ገጽ እንዲህ ነው፦ የምግቡ ስም በግራ በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ምን እንደገባበት የሚናገር አንድ ወይም ሁለት መስመር፣ ዋጋው ደግሞ ብቻውን ቀኝ ጠርዝ ላይ። አንድ ምግብ ሦስት ወይም አራት መስመር ይይዛል፤ ዋጋው አንድ ነው። ከስሙ ጎን ይቁም ወይስ ከመግለጫው? ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ይንሳፈፋል። በሁለት ምግቦች መካከል ያለው ክፍተት በአንዱ ምግብ መስመሮች መካከል ካለው ካልሰፋ ደግሞ፣ ዋጋው የላይኛው ይሁን የታችኛው መለየት ያስቸግራል።

ለዚህ ስህተት ዋናው ምክንያት ያሠራሩ መንገድ ነው። ዲዛይነሩ ስሞቹን በአንድ ሳጥን፣ ዋጋዎቹን በሌላ ሳጥን ይጽፋል። መጀመሪያ ሁሉም ይገጥማል። ከዚያ ባለቤቱ ደውሎ «ደረቅ ጥብሱ ላይ በሮዝመሪ የሚል ጨምርበት» ይላል። መግለጫው አንድ መስመር ይረዝማል፤ ከሱ በታች ያለው ጽሑፍ ሁሉ ወደ ታች ይገፋል፤ የዋጋው ሳጥን ግን ካለበት አይንቀሳቀስም። ከዚያች መስመር በኋላ ያለው ዋጋ ሁሉ አንድ እርከን ወደ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። 480 ብር መስሎት ያዘዘ ሰው 620 ብር ይመጣበታል፤ የሚወቀሰው ደግሞ ሒሳብ ያመጣው ልጅ ነው። በዚህ ላይ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ስቲከር ሲለጠፍበት፣ ትንሽ ያዘመመች ስቲከር ችግሩን ታባብሰዋለች። ይህ በምግብ ቤትዎ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ማስመሪያ ከስሙ ሥር አድርጎ ወደ ቀኝ መሄድ ይበቃል። ማስመሪያው ዋጋውን ካልነካ፣ የደንበኛው ዓይንም አይነካውም።

ዋጋን ከዓይን ማራቅ ግን ሁልጊዜ ስህተት አይደለም፤ ሆን ተብሎም ይደረጋል። አሜሪካ ውስጥ ሜኑ የሚያማክሩ ባለሙያዎች ዋጋዎችን በአንድ ዓምድ መደርደርን አይወዱም። ዓምድ ካለ ሰው ዓይኑን በቁጥሮቹ ላይ ቁልቁል አንሸራትቶ ርካሹን ይመርጣል ብለው፣ ዋጋው ከመግለጫው መጨረሻ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ ያለ ነጠብጣብ እንዲገባ ይመክራሉ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ኒውዮርክ ግዛት ባለ አንድ የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሜኑ ለምሳ ተመጋቢዎች አቅርበው ነበር፤ አንዱ የዶላር ምልክት ያለበት፣ አንዱ ዋጋው በቃላት የተጻፈበት፣ አንዱ ቁጥር ብቻ ያለበት። ቁጥር ብቻ ያዩት ከሁለቱም የበለጠ አወጡ። «ብር» የሚለው ቃል ከብዙ ሜኑዎቻችን የጠፋው ይህን በሰሙ ሰዎች ምክር ይሁን ቦታ ለመቆጠብ፣ ውጤቱ ያው ነው።

የኛ ሜኑ ትልቁ ድብቅ ነገር ግን ሌላ ነው። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ከስልክ ቁጥሩ በላይ፣ በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅን አይጨምርም» ይላል። 10 በመቶ ሰርቪስ በሚያስከፍል ቤት፣ 650 ብር የተባለ ጥብስ ሰርቪሱ ሲገባ 715 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 822 ብር ከ25 ሳንቲም። ጭማሪው በድምሩ 26.5 በመቶ ነው። ሰው ይህን በልቡ ማስላት ስለሚከብደው ወይ ገምቶ ያዝዛል ወይ «ቫቱ ገብቷል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ይህን ከንድፍ ስህተት አልቆጥረውም፤ ከዲዛይነሩ በፊት ባለቤቱ የወሰነው ነው።

ወደ ክፍሎቹ አከፋፈል እንምጣ። ስታርተር፣ ሜይን ኮርስ፣ ዲዘርት የሚለው አደረጃጀት የተሠራው ምግብ በየተራ ለሚቀርብለት ተመጋቢ ነው። በአንድ ትሪ ዙሪያ ለሚቀመጥ ሰው ሽሮ «ስታርተር» ይሁን «ሜይን ኮርስ» ትርጉም የለውም። ለእርሱ የመጀመሪያው መለያ ጾምና ፍስክ ነው። ሜኑው ግን የጾም በያይነቱን «ባህላዊ ምግቦች» ውስጥ፣ የጾም ፓስታን ፓስታ ውስጥ፣ የአትክልት ሳንዱችን ቁርስ ውስጥ ይበትነዋል። ዓሣ ብቻውን አንድ ገጽ ይዟል፤ በጾም የሚበላውም የማይበላውም ስላለ ይህስ ይሁን። በጣም የሚያሳስተው የሽሮው ጎራ ነው። ተጋቢኖ፣ ሽሮ ፈሰስና ቦዘና በአንድ ርዕስ ሥር ተደርድረው፣ ቦዘናው ሥጋ እንዳለበት፣ ተጋቢኖው በዘይት ይሁን በቅቤ የሚናገር ምልክት የለም። አዲስ አበባ ገና የገባ ጿሚ ረቡዕ ቀን ቦዘና ቢያዝ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት «ስፔሻሉን» የት ላድርገው በሚለው ነው። በሙያው ውስጥ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ አለ፣ እሱም ከቀኙ ገጽ መሀል ከፍ ብሎ ነው የሚል የቆየ እምነት አለ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ሲቢል ያንግ የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የዓይን እንቅስቃሴ በሚከታተል መሣሪያ ሲፈትሹት፣ ሰዎች ሜኑን እንደ መጽሐፍ በተራ ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ለስፔሻሉ ወርቃማ ክፈፍ ከማበጀት ይልቅ፣ የጾሙን ገጽ ከአሥራ አንደኛ ወደ ሁለተኛ ማምጣት ይሻላል።

ጌጠኛው ፊደል የሚመጣው በከፊል ከፊደላችን ጠባይ ነው። በላቲን የሚጽፍ ሰው ርዕሱን በትልልቅ ፊደል ይለያል፤ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አይከፈልም። ዲዛይነሩ ርዕሱን ለመለየት ሲል የብራና አጻጻፍ የሚመስል ፎንት ይመርጣል። ለርዕስ ብቻ ከሆነ ግድ የለም። ችግሩ ያው ፎንት ወደ ምግቦቹ ስም ሲወርድ ነው። ቢ እና ቤ የሚለያዩት በእግራቸው ላይ ባለች ጭረትና ቀለበት ብቻ ነው፤ ሉ እና ሊ ደግሞ ጭረቷ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ። ጌጠኛ ፎንት እግር ሁሉ ላይ ጅራት ይቀጥላል፤ ቀለበቷም በትንሽ መጠን ስትታተም ቀለም ይሞላታል። በዚህ ላይ ወርቃማ ጽሑፍ በቡናማ ወረቀት፣ ማታ፣ በደብዛዛ መብራት! መነጽር የረሱ አባት ልጃቸውን «አንቺ አንብቢልኝ» ቢሉ ምን ያስገርማል።

ለማንበብ የሚከብድ ፊደል ሌላም ሥራ ይሠራል። ሶንግና ሽዋርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ አንድ የምግብ አሠራር በአስቸጋሪ ፎንት ሲጻፍ አንባቢዎች ሥራው ረጅም ጊዜና ብዙ ሙያ የሚጠይቅ ይመስላቸዋል። ውድ ምግብ ቤት ይህን ሊጠቀምበት ይችላል። ለጥብስና ለፍርፍር ቤት ግን ትርፉ የሚዘገይ ትዕዛዝ ብቻ ነው።

ሜኑ ልታሳትሙ ያሰባችሁ ባለቤቶች፣ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ናሙናውን ቤታችሁን ለማያውቅ ሰው፣ ማታ በራሳችሁ መብራት ሥር ስጡት። «ርካሹን የጾም ምግብ ፈልግና ስንት እንደምትከፍል ንገረኝ» በሉት። አስተናጋጅ ሳይጠራ ከመለሰ አሳትሙት፤ ካልመለሰ ዲዛይነሩን መልሳችሁ ጥሩት፣ ቫቱንም ዋጋው ውስጥ አስገቡት።