ሁዳዴ ሲገባ ሆድ ለምን ይነፋል?

ቅበላው እሑድ ማታ በክትፎና በዶሮ ወጥ ያበቃል። ሰኞ ከቅዳሴ መልስ ፉል ይቀርባል፤ ማታ ሽሮና ምስር ወጥ ይከተላል፤ ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ላይ ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረ ጾመኛ «ሽሮው አልተስማማኝም» ማለት ይጀምራል። ሽሮውን ከመክሰስ በፊት ግን በሁለት ቀን ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጠ ማስላት ይበጃል።

ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ፓስታ በሥጋ፣ ማታ ሩዝ በእንቁላል የሚበላ ሰው በቀን የሚያገኘው ፋይበር፣ ማለትም አሰር፣ 10 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ 25 ግራም ይመክራል። በጾሙ መጀመሪያ ቀን ይኸው ሰው አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ብቻ ቢበላ 15 ግራም ያህል ያገኛል። ፉሉ፣ ሽሮውና እንጀራው ሲጨመሩበት በአንድ ቀን ከ30 ግራም ማለፉ አይቀርም። መጠኑ በራሱ ጎጂ አይደለም፤ አንጀቱ ግን ገና አልተዘጋጀለትም።

ትንሹ አንጀት አሰርን የሚፈጭበት ኢንዛይም የለውም። በባቄላ፣ በሽምብራና በአተር ውስጥ ያሉ አንዳንድ የስኳር ዓይነቶችንም መሰባበር አይችልም። ሁሉም ሳይፈጩ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ለአንጀት ግድግዳ የሚጠቅሙ አሲዶችን ይሠራሉ። ከዚሁ ሥራ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንድ ሰው ደግሞ ሚቴን የሚባሉ ጋዞች ይወጣሉ። ጋዙ ቶሎ ካልወጣ ወይም ወደ ደም ገብቶ በትንፋሽ ካልተወገደ ሆድን ይወጥራል። ምግቡ ትልቁ አንጀት እስኪደርስ ሰዓታት ስለሚወስድ፣ በ9 ሰዓት የተበላው ፉል የሚያስቸግረው ማታ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወቀሳው በእራቱ ላይ ያርፋል።

ደግነቱ አንጀት ይለምዳል። አሰር በየቀኑ ሲመጣ የባክቴሪያዎቹ ስብጥር ይለወጣል፤ ከነሱ መካከል ሃይድሮጅኑን መልሰው የሚጠቀሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በየቀኑ ግማሽ ኩባያ ባቄላ ነክ እህል የበሉ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ጋዝ የበዛባቸው አብዛኞቹ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት እንደቀለላቸው ተናግረዋል። በእህሉ ዓይነትም ልዩነት ታይቷል።

ስለዚህ ጭማሪው በሳምንት 5 ግራም አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ይህ አንድ የቡና ሲኒ የተቀቀለ ምስር ማለት ነው። ለጾመኛ የነነዌ ጾም ጥሩ መነሻ ነው፤ ከነነዌ ሰኞ እስከ ሁዳዴ መግቢያ ሁለት ሳምንት አለና። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ አንድ ሲኒ፣ በሁለተኛው ሁለት ሲኒ ምስር ከተለመደው ምግብ ጎን ይበላል፤ ከክትፎው ጎን ቢሆንም ግድ የለም። ሁዳዴ ሲገባ ሰውየው ከ10 ግራም ተነሥቶ 20 ላይ ደርሷል፤ ከዚያ ወደ 25 እና 30 ለመድረስ ሌላ ሁለት ሳምንት ቢወስድ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ሲጾም የከረመ ሰው መነሻው ከፍ ያለ ስለሆነ ይህን ያህል ላይቸገር ይችላል። ፍጥነቱን የሚወስነው ሆድ ነው፦ መነፋቱ በጥቂት ቀናት ከቀነሰ ይጨመራል፤ ካልቀነሰ እዚያው ይቆያል ወይም አንድ ደረጃ ይወረዳል።

አዘገጃጀቱም ለውጥ ያመጣል። ባቄላንና ሽምብራን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና በአዲስ ውሃ መቀቀል ከነዚያ አስቸጋሪ ስኳሮች ከፊሉን ያስወግዳል። እህሉ ሲበቅል ደግሞ ስኳሮቹን ራሱ ስለሚጠቀምባቸው፣ ጉንቁል ከተራ ንፍሮ ይልቅ ለሆድ ይቀላል። ሽሮ አንዴ ከተፈጨ በኋላ ይህ ዕድል የለውም፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠኑን ማሳነስ ነው። አሰር ውሃ ስለሚይዝ ውሃ ሲያጥር ሆድ ይደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ደግሞ ጋዙን አፍኖ ያስቀራል። እስከ 9 ሰዓት ሳይጠጣ የሚውል ሰው ከዚያ እስከ መኝታው ውሃውን ከፋፍሎ መጠጣት አለበት።

የአንጀት ሕመም ያለበት ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው አሰር ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሆድ ተነፍቶ ትውከት ከመጣ፣ ሰገራም ጋዝም አልወጣ ካለ ግን አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በሰገራ ላይ ደም መታየትና ያለ ምክንያት መክሳትም በሽሮ የሚሳበቡ አይደሉም።